በየወሩ የሚወስደው የማላውቀው ሰው

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጄ ከሐዋሳ በደወለች ቁጥር ጥያቄዋ አንድ ነው። "እማዬ፣ ብትወድቂ ማን ያውቃል?" ትለኛለች። አልወድቅም እላታለሁ። እሷ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ወደ እኔ ነይ ትላለች፣ እኔ ከጎንደር አልነቃነቅም እላለሁ፣ እንዲሁ ስንጨቃጨቅ ብሯ አልቆ ስልኩ ይቋረጣል።

ባለፈው ግንቦት ግን ራሴ ለራሴ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ጡረታዬ ወሩን መድረስ አቅቶት ገንዘብ ላኪልኝ አልኳት። "በቃ! ብቻሽን መኖር አልቻልሽም ማለት ነው" አለች። "የባንክ ስቴትመንትሽን ላኪልኝና ወጪሽን እንየው። ካልተስተካከለ ቤቱን አከራይተሽ ትመጫለሽ።" እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት! ደሜ ፈላ። ግን ምን ይደረጋል፣ እሺ አልኩ።

ባንክ ሄጄ የሦስት ወሩን አሳተምኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በስልኬ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁላት። እሷም ፎቶ አንብቦ ወጪን በየዓይነቱ ለሚለይ አንድ የስልክ መተግበሪያ ሰጠችው። ወዲያው ደወለች። አንዱ መስመር ላይ ቀሪው ሒሳብ አልገጥም ብሎታል፤ ከላይ ካለው ቀሪ ላይ ወጪው ሲቀነስ ከታች ያለውን መስጠት ነበረበት። ወረቀቱ የታጠፈበት ቦታ ላይ ጥላ ወድቆ ስምንቱን ሦስት ብሎ አንብቦት ኖሯል። እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ወደድኩት። ስንቱ ተማሪዬ መልሱን ሳያመሳክር ወረቀት እየወረወረልኝ ይወጣ ነበር! ወረቀቱን አቃንቼ፣ መስኮቱ ሥር ወስጄ እንደገና አነሳሁት።

ተለይቶ መጣልኝ። መብራትና ውሃ አንድ ላይ፣ መድኃኒት ለብቻው፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ለብቻው። ከማሽን ያወጣሁት ጥሬ ገንዘብ ግን "ምን ላይ እንደዋለ አይታወቅም" ተብሎ ተቀምጧል። አይታወቅም? ሽንኩርት ላይ ነዋ! ልጄ ሳቀች። "እማዬ፣ ከእጅሽ ከወጣ በኋላ እሱ በምን ያያል? ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያውቀው።"

መጓጓዣ የሚለው ሥር ምንም የለም። ስጦታ የሚለው ሥርም ምንም። ሌላ ሰው ቢያየው በጥሬ ገንዘብ ከፍላ ይሆናል ይል ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ፣ አልከፈልኩም። ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ሰው ቤት ሄጄ አላውቅም፤ ለማን ስጦታ እገዛለሁ? ወረቀቱን አይቼ ከፋኝ። ለልጄ ግን አልነገርኳትም።

ከታች "በየወሩ የሚደጋገሙ" የሚል ነበር። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ መጠን የሚወጡትን ለቅሞ አስቀምጧቸዋል፤ በዓመት አንዴ የሚቆረጥ ካለ ግን ከሦስት ወር ወረቀት እንደማይታወቅ ጽፏል። አንደኛው የቤት ኢንተርኔት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተከራይ ሳለችኝ ለእሷ ብዬ ያስገባሁት፤ ልጅቱ ተመርቃ ከሄደች ቆይታለች፣ እኔ እስከ ዛሬ እከፍላለሁ። ሁለተኛው የስልክ መልእክት ክፍያ ነው፣ ገንዘብ በወጣና በገባ ቁጥር ባንኩ ለሚልክልኝ። ሦስተኛው "መዋጮ" ይላል። አራተኛው የአንድ ወንድ ስም ነው፣ ከነአባቱ ከነአያቱ። ከስሙ ጎን መተግበሪያው "ለግለሰብ የሚላክ ነው፤ ከማቋረጥዎ በፊት ምን እንደሆነ ያረጋግጡ" ብሏል።

"ማነው ይሄ ሰውዬ?" አለች ልጄ።

"እኔ ምን አውቄ!"

"መዋጮውስ?"

"እሱማ እድሬ ነው፣ እንዳትነኪብኝ።"

"እንግዲያው ሰውየው ሌባ ነው። አቋርጪው!"

አረጋግጡ መባሉን ሁለታችንም አነበብን፣ ሁለታችንም አለፍነው። በማግስቱ ባንክ ሄድኩ። ኢንተርኔቱንም የሰውየውንም ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ አቋርጡልኝ አልኩ። የባንኩ ሠራተኛ ትሑት ልጅ ነች። "እማማ፣ ይህ ለማን እንደሚላክ ያውቁታል?" አለችኝ። "አላውቀውም! ለዚህ አይደል የማቋርጠው?" ብዬ ጮህኩባት። ፈረምኩ። የመልእክቱን ግን ተውኩት። ልጄ እሱንም አስወጪው ብላ ነበር። ያ ስልክ ጢን ሲል ሰው ያሰበኝ ይመስለኛል፣ ምን ላድርግ።

ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም አለፈ። ጡረታዬ ወሩን ደረሰ። ልጄ ስለ ቤቱ ማውራት ተወች፤ ያቺን የመውደቅ ጥያቄዋን ግን አልተወችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፣ እኔ መስኮት ሥር ተቀምጬ ጭቃውን አያለሁ። አንዳንድ ቀን እስኪመሽ ድረስ ቃል ሳልተነፍስ እውላለሁ፤ ሲመሽ ድምፄ መኖሩን ለማወቅ እስላለሁ።

ነሐሴ ሲገባ፣ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ የቤቴ በር ተደበደበ። ድብደባ ነው ያልኩት፣ ማንኳኳት አልነበረም። እያነከስኩ ወጥቼ ከፈትኩ። የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው፣ ከኮሶዬ ገጠር መጥተው ሰፈራችን የኖሩ ሽማግሌ፣ ጃንጥላቸው ውሃ እያንጠባጠበ። ከኋላቸው ሁለት የሰፈር ሴቶች ቆመዋል። አዩኝና አማተቡ።

"ምነው እትዬ መምህርት!" አሉ ሽማግሌው ደረታቸውን ይዘው። "ደህና ነዎት እንዴ?"

"ደህና ነኝ አያ። ምን ሆናችሁ?"

"ገንዘቡ ሁለት ወር ቀረ። እርስዎ ደግሞ አያስቀሩም። አንድ ነገር ሆነው ነው ብለን..."

ቀስ ብሎ ገባኝ። ጉልበቴ በታመመ ጊዜ ባጃጅ ጠርተው ባንክ የወሰዱኝ እሳቸው ነበሩ፤ ቅጹን ሞልተው እዚህ ጋ ይፈርሙ ብለው ያስፈረሙኝም እሳቸው። እድሩ በራሱ ስም ሒሳብ ስለሌለው ገንዘቡ የሚገባው በእሳቸው ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ነው። እኛ ግን ሁላችንም አያ ገንዘብ ያዥ እንላቸዋለን፤ ስማቸውን ከነአያታቸው ማን ጠይቆ ያውቃል? መዋጮ ያልኩት የጡረተኛ መምህራን ማኅበር ኖሯል።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት አንደኛዋን ሴትዮ አየኋት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ለቅሶ ልትገባ!

"እንዴ! ቀብራችሁኝ ነው የመጣችሁት?" አልኩ።

ሴትዮዋ አፍራ ነጠላዋን ልትገለብጥ ስትታገል ሳቄ አመለጠኝ። ስስቅ ስስቅ ዕንባዬ መጣ፣ እሱም አልቆም አለ። አስገብቼ አስቀመጥኳቸው፤ ዝናቡ እስኪያባራ ተጫወትን። በዚያ ቤት ውስጥ አራት ሰው ሲያወራ ስንት ጊዜው ነው!

ሲሄዱ ሽማግሌው "ሸጋ ነው፤ ነገ ባንክ ሄደን እንደገና እናስፈርመው" አሉኝ።

"አይሆንም አያ" አልኩ። ገንዘቡ በራሱ ጊዜ ሲሄድ እኔን መጥቶ ማየት የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም፤ እኔም ሰው ለማየት መሄድ አላስፈለገኝም። ትእዛዙን ባላቋርጥ ኖሮስ? ብሞት እንኳ ባንኩ እድሬን ሲከፍል ይኖር ነበር፣ እነሱም ደህና ናት ይሉ ነበር። "ካሁን ወዲያ በእጄ ነው የምከፍለው።"

የእድሩ መክፈያ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ። በመስከረም የመጀመሪያው እሑድ ጭቃው አላስኬድ ብሎኝ ዘገየሁ። ከዘራዬን ተመርኩዤ ቁልቁለቱን ስወርድ ያቺ ነጠላዋን የዘቀዘቀችው ሴትዮ ሽቅብ እየሮጠች መጣች፣ እያለከለከች።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ምነው ቀሩብን! ሒጂ እዪያቸው ብለውኝ እኮ ነው" አለች።

ክንዴን ያዘችኝ። ነጠላዋን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ዛሬ በደህናው በኩል ነው የለበሰችው።