ሁለት ሣጥን፣ ሦስት ሣጥን

ንፋስ መውጫ ውስጥ ፎርም ያስጨነቀው ሰው መጨረሻው አስካለ ዘንድ ነው። እኔ ፎቶ አንሺው ሥዩም ከሷ የሚለየኝ አንድ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከደንበኞቿ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰምቻለሁ። እኔ ሰውየውን ለጉርድ ፎቶ አስተካክዬ ሳስቀምጥ፣ ከወዲያ ማዶ "የአያትህ ስም በፓስፖርትህ ላይ ሌላ፣ አንተ የምትነግረኝ ሌላ!" የሚል ድምፅ ይመጣና የኔ ሰውዬ ፊቱን ይቋጥራል። የከተማው ሰው ሁሉ በፎቶ ላይ የተኮሳተረው በሷ ምክንያት ነው።

አስካለ የአርብ ገበያ ከተማ ልጅ ናት። ጽሕፈት የተማረችው ደብረ ታቦር፣ በታይፕራይተር ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ተበድራ ገዛች፤ ኢንተርኔት ሲገባ ማንም ሳያስተምራት እየነካካች ለመደችው። ከዚያ በኋላ ውጭ አገር የሚላክ ፎርም መሙላት የሷ ሙያ ሆነ። እሷ ሞልታው ስህተት ተገኝቶበት የተመለሰ ወረቀት አላውቅም። ችግሯ ትክክል መሆኗን ማወቋ ነው። ሲከራከሯት አታስረዳም፤ ትቆጣለች።

በ2005 ዓ.ም. ጥር ላይ ሕይወት መጣች። ሕይወት አዋላጅ ነርስ ናት። ሕንድ አገር ያለ አንድ ትምህርት ቤት የአንድ ዓመት ሥልጠና ፈቅዶላት ነበር። ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ እሷ ካላሟላች ለተጠባባቂ ይሰጣል። የቀራት ፎርሙን አስሞልታ፣ የመሥሪያ ቤቷን ኃላፊ አስፈርማ፣ ማኅተም አስመትታ በኢሜይል መላክ ነበር። ፎርሙን የሚያነበው ማሽን ስለሆነ ለእያንዳንዱ ፊደል ሣጥን አለው።

የአገር መለያ የሚጻፍበት ቦታ ሁለት ነው። አድራሻው ጋ ሁለት ሣጥን፣ ፓስፖርቱ ጋ ሦስት ሣጥን። አስካለ ላይኛው ላይ ET፣ ታችኛው ላይ ETH ብላ ሞላችና አሰናበተቻት።

ሕይወት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተመለሰች። ማኅተሙን የሚይዘው በላይነህ አልመታም ብሏታል። በላይነህ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሃያ ዓመት ፋይል ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው። እሱ ዘንድ አንድ ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ከተጻፈ ሰነዱ እርስ በርሱ ይጋጫል ማለት ነው። በአንድ ፋይል "ኃይሌ"፣ በሌላው "ሀይሌ" የተባለን ገበሬ አንድ ሰው መሆንህን በፍርድ ቤት አስመስክር ብሎ የመለሰ ሰው ነው። አገር እንዴት ሁለት ስም ይኖረዋል ብሏታል።

"ምን ብዬ ላስረዳው፣ እትዬ?" አለች ሕይወት።

አስካለ ቀና እንኳ አላለችም። እኔ የጻፍኩት ትክክል ነው፣ ያልገባው እንደሆነ እዚህ መጥቶ ይጠይቀኝ አለቻት። ቢሮው ከኛ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ልጅቱ ፎርሟን ይዛ ወጣች።

በላይነህ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ባዶ ፎርም አስወጥቶ በገዛ እጁ ሞላው። ሁለቱም ቦታ ላይ ET። ሦስተኛዋ ሣጥን ባዶ ስትቀርበት ደግሞ ማንም ገብቶ እንዳይጽፍባት እንደ ቢሮው ደንብ ሰረዝ አሰመረባት። ኃላፊው ፈረሙ፣ ማኅተሙ ተመታ፣ ሕይወትም ማኅተም ማግኘቷ ብቻ ደስ ብሏት ላከችው።

ሰኞ መልሱ መጣ። የፓስፖርቱ ክፍል ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም፤ የታረመውን እስከ ሐሙስ ካልላክሽ ቦታው ያልፋል ይላል። አስካለ ሰረዟን ስታይ ደሟ ፈላ። ሱቋን ዘግታ ሕይወትን አስከትላ ሄደች፤ እኔም ነገር እንዳይከር ብዬ ተከተልኳቸው።

እዚያ ስትደርስ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስረዳ ሰማኋት። ፓስፖርቱን ገልጣ ከታች ያሉትን ሁለት መስመሮች አሳየችው፤ ETH ይላል። የፓስፖርት ማሽን በየትም አገር የሚያነበው ሦስት ፊደል ነው አለችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የአደራ ደብዳቤ ደረሰኝ አነሳች፤ የመከታተያው ቁጥር በET ያልቃል። ፖስታ በሁለት ፊደል ነው የሚሠራ። የኢንተርኔት አድራሻችንም መጨረሻው ሁለት ፊደል ነው። ሁለቱንም ዝርዝር ያወጣው ያው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ነው፤ አንዱ አንዱን አይሽርም። ሦስቱ ደግሞ ሁሌ በሁለቱ ላይ አንድ ጨምሮ አይደለም፤ ስዊድን SE ናት፣ በሦስት ሲሆን SWE ትሆናለች። ስለዚህ በግምት አይጻፍም።

"አንዱን መርጠው ለምን አይገላገሉም?" አለ በላይነህ።

"እሱን እነሱን ይጠይቋቸው። እኛ ሣጥኑን ቆጥረን እንሙላ" አለችው።

ገባኝ አለ። ግን የታረመ ወረቀት ያለ ኃላፊው ፊርማ ማኅተም አይመታበትም፤ ኃላፊው ደግሞ ደብረ ታቦር ስብሰባ ላይ ናቸው፣ እስከ ቅዳሜ አይመለሱም። ወይ ጉድ! አስካለ ፎርሙን እንደገና ሞላችላት፤ ሕይወትም ፈረቃዋን ለጓደኛዋ ለምና አስያዘች። ማክሰኞ ሄደች፤ ኃላፊው አልወጡም ተባለች። እዚያው አድራ ረቡዕ ለምሳ ሲወጡ ደጃፍ ላይ ይዛ አስፈረመቻቸው። ያን ዕለት የሚመለስ መኪና አጥታ አደረች፤ ሐሙስ ጠዋትም መኪና ሞልቶ እስኪነሳ ግማሽ ቀን ፈጀ። ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ በላይነህ ሮጣ፣ ማኅተሙን አስመትታ፣ ወደ አስር ሰዓት ላይ ወረቀቱን እንደ ታቦት በሁለት እጇ ይዛ እኛ ቤት ገባች።

አስካለ ወረቀቱን ስካነሩ ላይ ልታደርግ ስትል እጇ ቆመ። ታች ETH ይላል፤ እሷ እንደጻፈችው። ላይ፣ አድራሻው ጋ፣ ከሁለቱ ሣጥኖች ጎን አንድ H በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰክታለች። በላይነህ ትምህርቱ ገብቶታል። ሦስቱ ፊደል ትክክል ከሆነ ሁለቱም ቦታ ይሁን ብሎ፣ ሰነዱ እንዳይጋጭ ብሎ፣ ለልጅቱ አስቦ ነው የጨመረው። ማኅተሙን ደግሞ በላዩ ላይ አሳርፎበታል።

ልፋቀው ብል ከማኅተም ጋር ይፋቃል፤ ሌላ ይሞላ ቢባል የኃላፊው ፊርማ የሌለበት ባዶ ወረቀት ነው፣ ኃላፊው ደብረ ታቦር፣ ቀኑ አልቋል። አስካለ ምናልባት ሰው ያየው ይሆናል ብላ፣ ከጎኑ ማብራሪያ ጽፋ ላከችው።

ዓርብ ጠዋት መልሱን ሕይወት ቆማ አነበበችው። በአድራሻው ክፍል ያለው መለያ አይታወቅም፤ የመላኪያው ቀን ስላለፈ ቦታው ለተጠባባቂዋ ተሰጥቷል፤ ለሚቀጥለው መልካም ዕድል።

በላይነህን ልረግመው አፌን ስከፍት አስካለ በእጇ ከለከለችኝ። ፊቷ ጠቁሯል።

"የመጀመሪያው ቀን አብሬሽ መሄድ ነበረብኝ" አለቻት። "ትክክል ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ።"

"ትክክል መሆንዎንማ እኔም አውቅ ነበር፣ እትዬ" አለች ሕይወት፣ ፓስፖርቷን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። "እኔ የጠየቅሁዎት እንዴት ብዬ እንደማስረዳው ነበር።"

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ከሰዓት ተረኛ ነኝ ብላ ወጣች።