ሮቶው ውስጥ የገባሁ ቀን

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሬ የተከራየሁበት ግቢ የውጭ በሩ ዘይት አያውቅም። ጎህ ሳይቀድ ሲጢጥ ካለ፣ የቤቱ ባለቤት እማማ ወጡ ማለት ነው። የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ፣ ኩስኩስታቸውን አንጠልጥለው፣ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ መስጊዱ ቧንቧ ድረስ! እዚሁ የቤታቸው ጣሪያ ሶሌታ ላይ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ተገትሮ! እኔ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እበግን ነበር።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሮቶው የሚወርደው ውሃ አረንጓዴ ሆኗል። የኩሬ ሽታ አለው፤ ባልዲ ውስጥ ሲያድር ደግሞ ደለሉ ታች ይተኛል። እኛ ተከራዮቹ የምንጠጣውን ከጎረቤት እንቀዳለን። እማማ ግን «ቀለሙም ሽታውም የተለወጠ ውሃ ለውዱእ ልቤ አይቀበለውም» ብለው ቆረጡ።

እንዳይጸዳ ያደረገው ደግሞ ሌላው ተከራይ፣ ባጃጅ ነጂው ነው። አምና ላሳምረው ብሎ ውሃው ሳይፈስ፣ ደለሉ ሳይወጣ፣ በረኪናውን ከላይ ገለበጠበት። ግቢው ሳምንት ሙሉ ሸተተ፤ በውሃው የታጠበው የእማማ ጥቁር ሻሽ ዥጉርጉር ሆነ፤ አረንጓዴውም በወሩ ተመለሰ። «ወላሂ፣ ሁለተኛ በረኪና ሮቶዬን አይነካም!» አሉ።

ሐምሌ ላይ እማማን በሩ ሥር ጭቃው አዳለጣቸው። ጩኸታቸውን ሰምቼ ስሮጥ ኩስኩስታቸው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ እሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እግዜር አተረፋቸው፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«እማማ፣ ወይ ሮቶው ይታጠባል ወይ ቤትዎን እለቃለሁ!»

«ቁጣሽን ለፋብሪካሽ አድርጊው» አሉኝ ጭቃቸውን እያራገፉ። ቆይተው ግን ድምፃቸው ለሰለሰ። «እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከሸተተ በረኪናሽን ታቅፈሽ አገርሽ ኩታበር ትገቢያለሽ።»

ፋብሪካችን የውሃ ታንከሮቹን ሲያጥብ ስለማግዝ ሥራው አዲሴ አይደለም። እሁድ ጠዋት የመግቢያውን ውሃ ዘጋሁ፤ የታችኛውን ማፍሰሻ ከፈትኩ። ባጃጅ ነጂውን ሮቶው አፍ ላይ አቆምኩት፤ ዓይኑን ከእኔ እንዳይነቅል አስጠነቀቅኩትና ገባሁ። ደለሉ ቁርጭምጭሚቴን ዋጠው። በጆግ እየዛቅኩ አቀበልኩት። ግድግዳውን በልብስ ብሩሽ ፈተግኩት፤ የሽቦ ብሩሽ ፕላስቲኩን ይቧጥጠዋል።

መሀል ላይ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። አረንጓዴው ከአፉ ትይዩ እንደ ምንጣፍ ወፍሯል፤ ጥላ ያለበት ጥግ ግን የለም ማለት ይቻላል።

«ክዳኑን እስቲ ግጠመው!» አልኩት።

ክዳን የሚባለው ነፋስ ዋናውን ከወሰደው ወዲህ የታሰረ ነጭ ላስቲክ ነው። ሲገጥመው ውስጡ ወለል አለ፤ ጋዜጣ ማንበብ ይቻላል።

«ደረስኩበት!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ሮቶው ውስጥ አስተጋባ። አረንጓዴው የሚያድገው በብርሃን ነው፤ እኛ ደግሞ መስኮት ሠርተንለት ኖረናል! ባጃጅ ነጂው በዚያው ዕለት ከወፍራም ቆርቆሮ ጥብቅ ክዳን አሠርቶ መጣ። ዕዳውን ከፈለ።

እጣቢውን ጥርት እስኪል አፈሰስኩ። ወጥቼ ውሃውን ለቀቅኩና እየሞላ ሳለ ሽቶ የሌለበትን በረኪና ጨመርኩ፤ ለሺህ ሊትር አንድ ሊትር፣ ሁለት ሊትር መሆኑ ነው። ቧንቧዎቹን ሁሉ ሽታው እስኪደርስ ከፍቼ ዘጋሁ። «እስከ ነገ ማታ ማንም እንዳይነካው!» ብዬ ግቢው ላይ አዋጅ አወጣሁ። ሰኞ ማታ የበረኪናውን ውሃ ለሽንት ቤት ማጠቢያ በባልዲ አስቀረሁ፤ የቀረውን አፈሰስኩት። ደግነቱ የከተማው ውሃ አልጠፋም፤ ንጹሕ ሞላሁበትና ቧንቧዎቹን ሽታው እስኪጠፋ ለቀቅኳቸው።

ለእማማ በነጭ ሲኒ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ወደ አምፖሉ አቅርበው አዩት። አሸተቱት። ደግመው አሸተቱት። ቀመሱት። ከዚያ ሲኒውን አስቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ገቡ። ምነው ቢሰድቡኝ! ለኩታበር ሻንጣዬን በሐሳብ እያዘጋጀሁ ተኛሁ።

ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። ጆሮዬን ወደ ውጭው በር ቀሰርኩ። በሩ ዝም። አዛኑ ተሰማ፤ በሩ አሁንም ዝም። ድንገት መስኮቴ ሥር ያለው የግቢው ቧንቧ ተከፈተ፤ ውሃው አዲስ ኩስኩስት ውስጥ ሲንቆረቆር፣ ከዚያ «ቢስሚላህ» የሚል ቀጭን ድምፅ።

አልቻልኩም፤ እልልታዬን አቀለጥኩት።

«አንቺ እብድ፣ ሰው ተኝቷል!» አሉኝ እማማ ከውጭ። ከዚያ ቀስ ብለው፦ «አላህ ይውደድሽ።»

በሩ ዛሬም ዘይት አልተቀባም። በዚያ ሰዓት የሚከፍተው የለማ።