ከሰባተኛው ምዕራፍ የቆረጥኩት

ችኩል ሰው ነኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች "አንተ ስትወለድም አዋላጅ አልጠበቅክም" ትለኝ ነበር። እንጀራዬም ከጠባዬ ጋር ገጠመ፤ ፒያሳ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ በተከራየኋት ክፍል የሰው መጽሐፍ በድምፅ እቀዳለሁ፣ የተንዛዛውን እቆርጣለሁ።

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሕይወቱን በሦስት ደብተር ጽፎ ነበር። "በድምፅ እናውጣው፣ አንተው አንብበው" ስለው ደስ አለው። ከሚኖርበት ከእሪ በከንቱ ሰፈር ዳገቱን በከዘራ እየወጣ ሦስት ሳምንት ተመላለሰ።

ነገሩን ከልቧ የጠበቀችው ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት አባቴ አላለቀሰም። ድንኳን ውስጥ ሰው ሲቀበልና ወንበር ሲያስተካክል ዋለ። እህቴ ይህን ይቅር አላለችውም፤ ለዓመት በዓል እንኳ እንደ እንግዳ መጥታ እንደ እንግዳ ትሄዳለች። ስለ መጽሐፉ ስነግራት "ስለ እማዬ ያለውን መስማት እፈልጋለሁ" አለች። "ደብተሩን ላንብብልሽ?" አልኳት።

"ምን ያደርግልኛል? ከራሱ አፍ ልስማው።"

ደብተሩ ምዕራፍ የሚባል ነገር ስለሌለው የከፋፈልኩት እኔ ነኝ። አንድ ምዕራፍ አንድ ፋይል ነው፤ ሰው ታክሲ ውስጥ በስልኩ ሲሰማ አቋርጦ የሚመለስበት ቦታ ስለሚፈልግ ሃያ ሃያ ደቂቃ አካባቢ አደረግኳቸው። የእናቴ ሞት በግምት አራት ደቂቃ ብቻ ሆነ።

"ለብቻዋ ትሁን" አለ አባቴ።

"አባባ፣ አራት ደቂቃ ምን ምዕራፍ ይሆናል? ከጡረታህ ጋር ትሂድ።"

"እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ" አለ። እንዲህ ካለ ቅር ብሎታል ማለት ነው። እያወቅኩ አለፍኩት።

የእናቴ ሞትና ጡረታው ያሉበትን ሰባተኛውን ምዕራፍ የቀዳን ዕለት "እጇ በእጄ ውስጥ ቀዘቀዘ" የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከታች የታክሲ ረዳት ይጣራል። መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ፣ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ትንፋሹ ሲንቀጠቀጥ በጆሮ ማዳመጫዬ ሰማሁት። ወደ አንድ ደቂቃ ሳይቆይ አልቀረም። ከዚያ ከማይኩ ሸሸት ብሎ በሰለለ ድምፅ ጨረሳት። የገዛ አባቴ ፊቴ ተቀምጦ ሲያለቅስ እኔ ምን አሰብኩ? "ይሄ ይቆረጣል።" አይ እኔ!

ንባቡ ሲበዛ ዝግ ያለ ስለነበር የኮምፒውተሩን የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ከአንድ ሰከንድ የበለጠውን ዝምታ ሁሉ እንዲያሳጥር አዘዝኩት። ያቺን ረጅሟን ግን የረዳቱ ጩኸትና ትንፋሹ ስላለባት ዝምታ ናት ብሎ አልቆጠራትም፤ በእጄ ቆረጥኳት። ቀጥሎ የድምፅ መጠኑ ነበር። ሰሚ በየመሃሉ ስልኩን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ እንዳይሰለች ሁሉም ቦታ እኩል መሰማት አለበት። ስለዚህ የሰለለውን ከሌላው እኩል እስኪሆን ከፍ አደረግኩት፣ አብሮት ከፍ ያለውንም የክፍሉን የጀርባ ድምፅ አጸዳሁ። ኮምፒውተሩ ሞልቶ ስለነበር ያለቀለትን ምዕራፍ ጥሬ፣ ያልተቆረጠ ቅጂ እያጠፋሁ ነበር የምሄደው፤ ሰባተኛውንም አጠፋሁት። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩም ነበር።

ቀረጻው ባለቀ በወሩ አባቴ በእንቅልፉ እንዳለ አረፈ። ከአርባው በኋላ እህቴ ወደ ክፍሌ መጥታ ተቀመጠች። ሰባተኛውን ከፈትኩላት። እስኪያልቅ አንገቷን ደፍታ ሰማች።

"እንደ ዜና ነው እኮ ያነበባት" አለች። "ሞተች፣ ጡረታ ወጣሁ፣ አለቀ።"

እኔም እዚያች ወንበር ጎን ቆሜ ገና ያን ጊዜ ሰማሁት። እውነቷን ነው። እጇ ቀዝቅዞ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ቀብሯት ነበር፤ በዚያው ድምፅ ሰርተፍኬትና ሰዓት ተሸለምኩ ይላል። ሁሉንም ነገርኳት፤ መቆሙን፣ መሐረቡን፣ ትንፋሹን።

"የታለ?"

"አጠፋሁት።"

"መመለስ አይቻልም?"

"የባዶ ክፍል ድምፅ አስገብቼ ያቆመ ማስመሰል እችላለሁ። እሱ ግን የለበትም።"

"አንተ ድሮም ለእሱ ስትሸፍንለት ነው የኖርከው" አለች።

"በእማዬ አጥንት!"

"አጥንቷን ተዋት" አለችና ቦርሳዋን አንስታ ደረጃውን ወረደች።

ደብተሩን ላኩላት፤ የምትፈልገው ደብተሩን እንዳልሆነ እያወቅኩ። መጽሐፉም ወጣ። የሰሙት ሰዎች ንባቡ ጥርት ያለ ነው፣ አንድ ቦታ አይጎተትም ይሉኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። አባቴ ለእናቴ ሲያለቅስ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እህቴ ደግሞ እኔን አታምነኝም።