ሙዚቃው ዝም ያለበት ቦታ

የሬዲዮ ጣቢያው የድምፅ ባለሙያ ቁጡ ናት፤ ባልደረቦቿ «እሳቷ» ይሏታል። ዛሬ ደሟን ያፈላው የፕሮግራሙ አዘጋጅ ነው። ጎርፍ ልጇን የወሰደባት እናት ተቀርጻ የተናገረችውን ቃል በቃል ጽፎ፣ ሸምድዶት መጥቷል።

እሳቷ ከቅጂው ሥር የዝናብ ድምፅ አነጠፈች፤ በላዩ ላይ በር ሲገነጠል የሚሰማውን ጨመረች። ያስገባችው የቫዮሊን ሙዚቃ እናትየው ስትናገር ዝቅ ይላል፣ ትንፋሽ ስትወስድ መለስ ይላል።

«ሙዚቃው ጠፋ እኮ፤ ከፍ አድርጊው። ሰው ማልቀስ አለበት» አላት አዘጋጁ።

ከፍ አደረገችው። የእናትየው ድምፅ ተዋጠ።

«አሁን ምን አለች?» ብላ ጠየቀችው።

«‹እጁ ከእጄ አመለጠ› ነዋ።»

«አንተ በቃልህ ስለያዝከው ነው። ሌላው ሰው የሚሰማው ቫዮሊን ብቻ ነው። እናት ልጇን እንዴት እንዳጣች በገዛ አፏ እየነገረችን፣ እኛ እንባ ከቫዮሊን ልንለምን? ትንሽ አታፍርም?»

መልሱን አልጠበቀችም። ሙዚቃውን እንደ ቀድሞው ዝቅ አደረገችው፤ እዚያች ቃል ጋ ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ አጠፋችውና ቅጂውን ከፈተችለት።

እናትየው ተናገረች። ከዚያ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

አዘጋጁ ቃሏን ስንት ጊዜ አንብቦታል፤ የሰማው ግን ገና አሁን ነው።