ለነጠላ ሁሉ አንድ ሊንክ

እናቴ ሊንክ መላክ ነውር ነው ትል ነበር። ነጠላ የምንሸጠው በቴሌግራም ነው። እኔ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጻጻፋለሁ፤ እሷ ከሸማኔው የመጣውን ጫፍ ጫፉን ትቋጫለች፣ በድምፅ መልእክትም ሰላምታውን ትይዛለች። የእናቴ ሰላምታ ከብቱን፣ ማሳውንና የጎረቤቱን ጤና አዳርሶ ስለሚመለስ አንድ ትእዛዝ እስኪያልቅ ግማሽ ቀን ይሄዳል። እኔ መሀል ገብቼ ሊንኩን ስለጥፍ፣ «ምነው አንቺ! ሰው ስለ ጤናሽ እየጠየቀሽ ሂሳብ ትልኪበታለሽ?» ትለኛለች።

ሊንክ ማውጣቱ ከባድ ሆኖ አይደለም። ክፍያ የሚያቀባብለን ድርጅት ገጽ ላይ ገብቼ ርእስና ዋጋ እጽፋለሁ፤ አንዴ ብቻ የሚከፈልበት ይሁን ወይስ ደጋግሞ፣ እመርጣለሁ፤ የወጣውን ገልብጬ ደንበኛው ቻት ላይ እለጥፋለሁ። ደንበኛው ከፍቶ ስሙንና ስልኩን ይሞላል፣ ከባንኩ ወይም ከሞባይሉ ይከፍላል። እኔ ዘንድ ስሙ፣ ሰዓቱና የክፍያው መለያ ቁጥር ይመጣል። ደንቡ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱን ሊንክ ማውጣትና ርእሱ ላይ የትእዛዙን ቁጥር መጻፍ ነው። ያኔ ገንዘቡ ሲገባ የየትኛው ትእዛዝ እንደሆነ አያጠያይቅም።

ግን የነጠላዎቻችን ዋጋ አንድ ነው፤ የሚለየው ጥለታቸው ብቻ ነው። ትእዛዝ በዛና ሳማርር እናቴ፣ «አንዱን አውጥተሽ ለሁሉም አትሰጪም? የቤታችን በር እኮ አንድ ነው፣ ሰው ሁሉ በሱ ይገባል» አለችኝ። ለሰነፍ እንዲህ ያለ ምክር ማር ነው። ደጋግሞ የሚከፈልበት አንድ ሊንክ አወጣሁ፤ ርእሱን «ነጠላ» ብዬ ለሁሉም በተንኩት። በስማቸው እለያቸዋለሁ ብዬ ነበር።

በብዛት ያዘዙን የአንድ የሴቶች ጽዋ ማኅበር አባላት ነበሩ። ለዓመቱ ዝክራቸው ነው፤ እያንዳንዷ ጥለቷን በራሷ ቻት መረጠች። ሰብሳቢያቸው፣ እትዬ የምላቸው ሴት፣ እስከዚያ ቀን ያዩት ሊንክ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ መሰብሰቢያ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ ደግሞ በጸሎት የሚጠራው የክርስትና ስም ነው። «ስም የሚለው ላይ የክርስትና ስማችሁን ሙሉ» ብለው ለአባላቱ ሁሉ አስተማሩ። ሊንኩንም ደባት ለሚኖሩ አንዲት ዘመዳቸው ከነትምህርቱ አሻገሩት።

የደባቷ እማማ ትእዛዛቸውን የላኩት በድምፅ ነው። «ልጄ፣ እሑድ ሙት ዓመት አለብኝ፤ ከሌን የማወልቅበት ቀን ነው። ሸጋ ነጭ ነጠላ ላኪልኝ፣ ጥለቱ ቀጠን ያለ።» እናቴ ሁለቴ አዳመጠችውና እንባዋን ጠረገች። የማን ሙት ዓመት እንደሆነ አልጠየቅንም፤ እንዲህ ያለው በድምፅ መልእክት አይጠየቅም። ዓመት ሙሉ የለበሱትን ጥቁር በሰው ፊት የሚቀይሩበትን ነጠላ እናቴ ራሷ መርጣ፣ ራሷ ቋጨችው።

ሐሙስ ጠዋት ክፍያዎቹን ከትእዛዞቹ ጋር ላገናኝ ገጹን ስከፍት ወለተ፣ ወለተ፣ አመተ፣ ወለተ... የቅዳሴ መጽሐፍ የገለጥኩ መሰለኝ። ቻቱ ላይ ያሉት ስሞች አንዳቸውም የሉም። ስልክ ቁጥሩም አላዳነኝም፤ አንዷ በልጇ ስልክ፣ አንዷ በጎረቤት ስልክ ነው የከፈለችው። የክፍያውን መለያ ቁጥር ላኩልኝ ስል አንዷ የስልኳን ጀርባ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ።

ሌላ መላ ስላጣሁ ለአንዷ «ይቅርታ፣ የክርስትና ስምሽ ማን ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው አልታወቀኝም። በእኛ አገር የማያውቁትን ሰው የክርስትና ስም የሚጠይቅ ወይ ቄስ ነው ወይ መተተኛ፤ እኔ ደግሞ ቄስ አይደለሁም። «ማን ነው የላከሽ?» አለችኝ። ቀጥላ፣ «የእናቴንስ ስም አትፈልጊም?» አለችና ዘጋችኝ።

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። ስትጨርስ እትዬ ጋ ደወለች። እትዬም፣ «የሰው የክርስትና ስም ከነባለቤቱ አልናገርም። አንቺ ስሙን ጥሪልኝ፣ እኔ ጥለቱን እነግርሻለሁ» አሉ። እኔ ስም እጠራለሁ፤ እሳቸው «ቀዩ»፣ «አረንጓዴው»፣ «ያ ሰፊው ወርቅማ» ይላሉ። ሥራው እንደ ውኃ ፈሰሰ። መጨረሻ ላይ አንድ የወንድ ስም ጠራሁ። እትዬ፣ «የእኛ ማኅበር እኮ የሴት ነው» አሉ።

የወንዱን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የክርስትና ስም ነውና። ቤታችን ውስጥ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ስም አልተጠራም። እናቴ እየቋጨች ትጠራዋለች፣ እኔ ቻት እያገላበጥኩ እጠራዋለሁ፤ ሸማኔው ሲመጣ እሱንም ጠየቅነው።

ክፍያቸው ያልተገኘ ሁለት ትእዛዞች ቀርተውኝ ነበር፦ የደባቷ እማማና ለእናቱ ያዘዘ አንድ የማክሰኝት ወጣት። ወጣቱን «ክፍያውስ?» ብዬ ስጠይቀው አውራ ጣት ላከልኝ። ወንድ ነው፣ ስሙም የወንድ ነው፤ በቃ፣ የሱ ነው አልኩና ነጠላውን በሚኒባስ ሰደድኩለት። እማማን ግን ገንዘቡ እንዳልደረሰ በትሕትና አስታወቅኋቸው። «ልኬያለሁ ልጄ፤ ለባለሱቁ በእጄ ሰጥቼ በስልኩ ከፍሎልኛል» አሉ። ለባለሱቁ የመጣውን መልእክት ፈልጉልኝ አልኩ፤ አጥፍቶታል።

«ለከል ማውለቂያ ደረሰኝ ትጠይቂያለሽ?» አለች እናቴ። እኔም ግትር ነኝ፤ ያልተከፈለበት ነጠላ አይወጣም ብያለሁ። ተኮራረፍን። ነጠላው ተጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ መሀላችን ተቀምጧል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማክሰኝቱ ልጅ ጻፈ፦ «እህቴ ነጠላው ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። ግን እኔ እኮ ገና አልከፈልኩም! አውራ ጣቱ አይቼዋለሁ ለማለት ነው። እስቲ ሊንኩን እንደገና ላኪልኝ።» ተንኮለኛ ደንበኛ ለምጃለሁ፤ እንዲህ ያለውን ሐቀኛ ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ደባት ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ነጠላው አጠገብ አስቀመጥኩት። «እማማ፣ ባለሱቁ ሲከፍልልዎ የማንን ስም ነገሩት?»

«የልጄን ነዋ።»

ያንን ስም ጠሩት።

«ባለሱቁ ‹ስም› አለኝ። ሊንኩን የላከችልኝ ዘመዴ በጸሎት ይጠራል ብላኛለች። የኔ ስም ምን ያደርጋል፤ እኔ እንደሆነ አለሁ። እሑድም የሱ ሙት ዓመት ነው።» ቀጥለውም፣ «ለመሆኑ ጠራችሁት ወይ ልጄ?» አሉኝ።

እማማ፣ እኛ እኮ ነጠላ ሻጮች ነን ልል አፌን ስከፍት እናቴ ስልኩን ነጠቀችኝ።

«ጠርተነዋል እታለም! ትናንትም ዛሬም እሱን ስንጠራ ነው የዋልነው። ቤታችን ያልጠራው የለም።»

«እሰይ፣ ተመስገን» አሉ። «እንግዲያስ ነጠላውን ሲመቻችሁ ትልኩታላችሁ።»

እናቴ ግን ስልኩን መልሳልኝ፣ ነጠላውን በጉያዋ ይዛ፣ የደባት የመጨረሻው ሚኒባስ ሳይሞላ ለመድረስ ወደ መናኸሪያ እየሮጠች ነበር።