ሣር ያልሁት ረግረግ

ከእንፍራንዝ በታች ላሉ ቀበሌዎች የገጠር መንገድ ሲታሰብ፣ ባሕር ዳር ያለው መሥሪያ ቤታችን መስመሩን በኮምፒውተር እንዳወጣ አዘዘኝ። መሬቱን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍዬ ለእያንዳንዱ የወጪ ነጥብ ሰጠሁ። ተዳፋቱ በበረታ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል፤ በመሬት ሽፋን በኩል ደግሞ ደንና ረግረግ ብዙ፣ ሣር ጥቂት ያገኛል። ሁለቱን ደመርሁና የነጥቡ ድምር ከሁሉ የሚያንስበትን መንገድ ኮምፒውተሩ እንዲፈልግ አደረግሁ። መስመሩ ጣና ዳር ባለው ሜዳ ቀጥ ብሎ አለፈ። ደስ አለኝ።

ካርታውን ይዤ አገሩ ድረስ ሄድሁና ለአጥቢያው አዛውንት ቄስ አሳየኋቸው። መስመሩን በጣታቸው ተከትለው፣ “ልጄ፣ በዚህ እኮ በክረምት በታንኳ ነው የምናልፈው” አሉኝ።

“ሣር አይደለም እንዴ፣ አባቴ?”

“በበጋማ ሣር ነው፤ ከብት እናሰማራበታለን።”

አፈርሁ። ሽፋኑን የለየሁት በበጋ ከተነሣ የሳተላይት ምስል ብቻ ነበር። ቢሮ ተመልሼ ደመናው ሲገለጥ በመስከረም የተነሣ ምስል ፈለግሁ። ውሃ የሚተኛበትን ሁሉ ረግረግ ብዬ ነጥቡን ከፍ አድርጌ እንደገና አሰላሁ። አዲሱ መስመር ሜዳውን ትቶ በኮረብታው ግርጌ ዞረ።

“ረዘመ እኮ!” አለ አለቃዬ።

“ያኛው መስመር ክረምት ሲገባ መንገድ አይሆንም” አልሁትና ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፈትሁለት። ሜዳው በመስከረሙ ምስል ውሃ ተኝቶበት አየና ረጅሙን ተቀበለ።