የኔትወርክ ችግር

አለቃዬ ያረቀቀውን የይቅርታ ኢሜል ሳነበው ደሜ ፈላ። «ሪፖርቱ የዘገየው በኔትወርክ ችግርና ከአቅማችን በላይ በሆኑ ምክንያቶች ነው» ይላል። ዓይን ያወጣ ውሸት!

አሶሳ ያለችው ትንሿ የጥናት ቢሯችን ስለ አጎራባቹ የሆሞሻ ወረዳ ገበሬዎች የምታጠናውን ጥናት ለአዲስ አበባው ደንበኛችን ዓርብ ልታስረክብ ቃል ገብታ ነበር። ወደ መስክ ከመውጣታችን በፊት መጠይቁ ከአማርኛ ገበሬዎቹ ወደሚናገሩት በርታ ቋንቋ ይተርጎም ብዬ አለቃዬን ለምኜዋለሁ። «ጠያቂዎቹ እዚያው ይተረጉሙታል» አለኝ። ሁሉም እንደመሰለው ተረጎመ፤ አንዱ የሰበሰበው መልስ ከሌላው ጋር አልገናኝ አለ። ዓርብም አለፈ።

ረቂቁን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጻፍኩ፦ «ሪፖርቱን በቀኑ አላስረከብንም። መጠይቁን አስቀድመን አላስተረጎምንም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ተተርጉሞ የተሞከረው መጠይቅ ነገ ይደርሳችኋል። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሆሞሻ ተመልሰን ገበሬዎቹን እንደገና እንጠይቃለን። ሙሉው ሪፖርት የዚያኑ ሳምንት ዓርብ እጃችሁ ይገባል።»

አለቃዬ አንብቦ ጠረጴዛውን መታ። «አዋረድሽኝ!»

«የሚያዋርደንስ ውሸቱ ነው! ሰዎቹ ሞኝ ይመስሉዎታል?»

«እንደፈለግሽ አድርጊ!» ብሎኝ ወጣ። ላክሁት።

ደንበኛው ወዲያው መለሰ፦ «ዕቅዱን ተቀብለናል። ሥራ አስኪያጃችሁ ራሳቸው ሆሞሻ ተገኝተው ሥራውን ይምሩልን።»

ሰኞ አለቃዬ ከሆሞሻ ደወለልኝ። ስለ ሙቀቱና ስለ መንገዱ አማረረ፤ ድምፁ አጠገቤ የቆመ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

«ኔትወርኩ እንዴት ነው ታዲያ?» አልኩት።

ጆሮዬ ላይ ዘጋው።